አለቃዬ የሚልኩልኝ መልእክት ግማሹ የለም። ሳልዘገይም ሳላሰለችም እንዴት ልጠይቅ?

ሀዩ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል ድርጅት ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ስቶር ላይ ነኝ። ገቢና ወጪ እመዘግባለሁ፣ መኪና ሲመጣ አስጭናለሁ፣ የበር መውጫ እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጃችን የሚውሉት ደሴ ነው። እኛ ጋር በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይላሉ፤ ሌላው ሁሉ በቴሌግራም ነው።

ችግሬ መልእክታቸው ነው። ማክሰኞ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የላኩልኝን ቃል በቃል ላስቀምጠው፦

«ለሐይቁ ሰውዬ 12ቱን 50 ዛሬ ጫኚለት ሂሳቡን»

በቃ፣ እዚህ ላይ ያልቃል። ሂሳቡን ምን? ደግሞ ከሐይቅ የሚመጡ ሁለት ደንበኞች አሉን። አንዱ ሱቅ አለው፣ ሌላው ኮንትራክተር ነው። «12ቱ» ባለ 12 ፌሮ እንደሆነ ገብቶኛል። 50ው ግን ቤርጋ ነው ወይስ ኩንታል?

በመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ «ጋሼ አልገባኝም» ብዬ ጽፌ ነበር። «እንዴት አልገባሽም?» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰዓት ሙሉ ሳመነታ ቆይቼ «ቤርጋ ነው ወይስ ኩንታል?» ብዬ ላክሁ። መልሳቸው «አዎ» የሚል ነበር።

ድጋሚ መጠየቅ ፈራሁ። ዝም ብዬ ጠበቅሁ። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ይነጫነጫል። 9 ሰዓት ላይ ደውለው «እስካሁን አልወጣም እንዴ?» ብለው ጮሁብኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሁሉን ታውቅ ነበር ይላሉ። እሷ አራት ዓመት ሠርታለች፣ እኔ ሦስት ሳምንቴ ነው። ፈዛዛ ናት እንዳይሉኝ እንዴት ነው የምጠይቀው?

---

አብዱ ባቲ

አብሽሪ እህቴ። መፍትሔው አጭር ነው፦ ደውይ። በጽሑፍ ምን አደከመሽ? ሁለት ደቂቃ ብታወሪያቸው ሁሉም ግልጽ ይሆናል። እኔ ለአለቃዬ ጽፌ አላውቅም። ሁሌ እደውላለሁ፤ ተቆጥቶኝም አያውቅም።

---

ሀዩ ኮምቦልቻ

አመሰግናለሁ አብዱ። እደውላለሁ እኮ። ግን ደንበኛ ፊት ከሆኑ ወይም ከደሴ ወደ እኛ እየነዱ ከሆነ አያነሱም። ያንን ጠመዝማዛ መንገድ እየነዱ ባያነሱም እመርጣለሁ። ሲያነሱ ደግሞ «እሺ እሺ፣ እንደነገርኩሽ አድርጊ» ብለው ይዘጉታል።

---

ሰላም ደሴ

እህቴ፣ ይሄ ንቀት ነው። ሴት ስለሆንሽና አዲስ ስለሆንሽ ነው። እኔም ደሴ አራዳ አንድ ቢሮ ስሠራ አለቃዬ ለወንዶቹ በደንብ ያስረዳ ነበር፤ እኔ ላይ ሲደርስ ግማሽ ቃል ነው። ስድስት ወር ታግሼ ለቀቅሁ። አሁን የራሴን ልብስ ስፌት ከፍቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ክብርሽን የማይጠብቅልሽ ቦታ አትቆዪ።

---

ሀዩ ኮምቦልቻ

ሰላምዬ፣ ያንቺው ከባድ ነው፤ ወጥተሽ ስለተሳካልሽ ደስ ብሎኛል። የእኔ ግን ንቀት አይመስለኝም። ለገንዘብ ያዡም ለሾፌሮቹም የሚጽፉት እንደዚሁ ነው። እነሱ ለምደውታል፣ የጎደለውን ራሳቸው ይሞሉታል። እኔ ነኝ መሙላት ያቃተኝ።

---

የስቶር ሰው

ሀዩ፣ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርሽ ላይ ነው ነገሩ ያለው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ብረታ ብረትና ሲሚንቶ ስቶር ላይ 17 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። እንዲህ ያለ መልእክት የሚልክ ሦስት አለቃ አሳልፌያለሁ። ካንቺ በፊት የነበረችው ልጅም መልእክቱ ሙሉ ሆኖ አልደረሳትም። ደብተሩን ታውቀው ስለነበር ነው። አንቺም ደብተሩ አለሽ፤ ስለዚህ መልእክትሽን ይዘን አብረን እንሂድበት።

የጎደለው ሦስት ነገር ነው፦ የትኛው ሰውዬ፣ 50 ምን፣ ሂሳቡ እንዴት። ሌላው ሁሉ አለ። «አልገባኝም» ስትያቸው ግን ሙሉውን አልገባኝም ማለትሽ ነው። የትኛው እንደጎደለ አያውቁም። እሳቸው አእምሮ ውስጥ ምንም አልጎደለም፤ ለዚያ ነው «እንዴት?» ያሉሽ።

አሁን ከሦስቱ ስንቱን ሳትጠይቂ ታገኛለሽ? የወጪ ደብተርሽን ግለጪ። ሁለቱ የሐይቅ ሰዎች ባለፈው ወር ምን ምን ወሰዱ? ባለሱቁ ብዙ ጊዜ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ የሚወስድ ነው የሚሆነው። ኮንትራክተሩ አንድ ዓይነት በብዛት ይወስዳል። ቀጥሎ በር ላይ የቆመውን መኪና እዪ፤ ሾፌሩንም «ማን ነው የላከህ?» በዪው። ይህን ለመጠየቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ከዚያ ብዛቱን አስዪው። ባለ 12 ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ ነው። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ወደ 10.66 ኪሎ ይመጣል። 50 ቤርጋ ማለት 533 ኪሎ ነው፤ አምስት ኩንታል ከምናምን። 50 ኩንታል ደግሞ 469 ቤርጋ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ነው። በር ላይ የቆመው አይሱዙ ከሆነ፣ አምስት ኩንታል ለመጫን ከሐይቅ ድረስ አይሱዙ ተከራይቶ የሚመጣ ሰው አላየሁም። መኪናው ራሱ ግማሹን ነገር ይነግርሻል።

ይህ ሁሉ ካወቅሽበት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ነው የሚጻፈው።

---

ሀዩ ኮምቦልቻ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መኪናው አይሱዙ ነበር! ሾፌሩንም አልጠየቅሁትም። ግን በግምት ጭኜ ብሳሳትስ? ደግሞ ስጽፍ ምን ብዬ ልጻፍ? ጥያቄዬን ልኬ «አዎ» ነው ያሉኝ እኮ።

---

የስቶር ሰው

«አዎ» ያሉሽ ጥያቄሽ ሁለት መንገድ ስለነበረው ነው። ሰውየው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ፣ በአንድ ቃል መልሶ ወደ ኪሱ ይከታል። ሁሉም ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ነው። ስለዚህ «አዎ» ወይም «እሺ» ወይም ያቺ የአውራ ጣት ምልክት ብትመጣ ትርጉም እንዲኖራት አድርገሽ ጻፊ። «ይሄ ነው ወይስ ያ?» አትበዪ። የገባሽን አንዱን ጻፊና እያደረግሽው እንደሆነ ንገሪያቸው። ቁጥሩ መጀመሪያው መስመር ላይ ይሁን።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ጋሼ፣ ለሐይቁ ኮንትራክተር ባለ 12 ፌሮ 50 ኩንታል እያስጫንሁ ነው፤ በቤርጋ 469 ይሆናል። ክፍያው መግባቱን ሳላረጋግጥ ከበር አላስወጣውም።»

ልብ በዪ፣ እዚህ ውስጥ አንድም የጥያቄ ምልክት የለም። ሦስቱም ያልገባሽ ነገር ግን አለበት። ተሳስተሽ ከሆነ ዓይናቸው 469 ላይ ሲያርፍ ይደነግጣሉ፤ ያኔ ራሳቸው ይደውሉልሻል። ትክክል ከሆንሽ «እሺ» ይሉሻል፤ ያም «እሺ» ትርጉም አለው።

መልእክቱን ስትልኪ የእሳቸውን መልእክት ጫን ብለሽ ምላሽ በሚለው ላኪው። ሦስት ነገር በተከታታይ ጽፈውልሽ ከሆነ ያንቺ «እሺ» የትኛውን እንደመለሰ አይታወቅም። በዚህ ምክንያት ብቻ አንድ መኪና ሲሚንቶ ወደ ከሚሴ መሄድ ሲገባው ወደ ወልዲያ ሲሄድ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ብሳሳትስ አልሽ። መጫን ይመለሳል። ፌሮው ለሁለት ታጥፎ መኪናው ላይ ቢወጣም ይወርዳል፤ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ነው የሚያስከፍለው። ከበር ከወጣ ግን አይመለስም። ሐይቅ ደርሶ ከተራገፈ በኋላ «ተሳስተን ነው» ብትዪ ማን ይሰማሻል? ስለዚህ ወሰንሽ በሩ ነው። ከበር ወዲህ ባለው ነገር በገባሽ መጠን ጀምሪ። በር ላይ ስትደርሺ ግን የተጻፈ «እሺ» ከሌለ ቁሚ።

አንድ ነገር ልጨምር። 469 በስሌት የመጣ ቁጥር ነው። ፌሮ ብዙ ጊዜ ከስሌቱ ትንሽ ቀለል ብሎ ይመጣል። ቤታችሁ በኩንታል የሚሸጠው በሚዛን ከሆነ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቁጥሩ ይለወጣል። ያንን የድርጅታችሁን ልማድ ጠይቂ። ይህን አንድ ጊዜ መጠየቅ አያሳፍርም፤ በየቀኑ መጠየቅ ነው የሚያሰለቸው።

---

ሞዴል 22

ሰላም። እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በቴሌግራም ዕቃ ስለሚወጣ ነው። እኛ ጋር ጠያቂው ሞዴል 20 ይሞላል፣ ይፈቀዳል፣ እኔ ሞዴል 22 ቆርጬ አወጣለሁ። መለኪያው፣ ብዛቱ፣ የሚረከበው ሰው ሁሉም ቦታ ቦታ አለው። ባዶ ቦታ ካለ አልቀበልም። ሀዩ፣ ወረቀት ካልመጣ አላወጣም በዪ። ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

---

አብዱ ባቲ

ወንድሜ፣ የግል ንግድ እኮ ነው። ወረቀት እስኪመጣ ደንበኛው ከሌላ ቦታ ገዝቶ ይሄዳል።

---

የስቶር ሰው

ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ወረቀት ይምጣ ብትል በአራተኛው ሳምንት ያሰናብቷታል። ነገር ግን ሞዴል 22 ያነሳው ነገር ይጠቅማል። ሀዩ፣ ወረቀቱ ባይመጣም ቅጹን በራስሽ አእምሮ ያዢው። መልእክት ሲመጣ ለማን፣ ምን፣ ስንት፣ በምን መለኪያ፣ በምን ክፍያ እያልሽ ሙዪው። ባዶ የቀረውን ያኔ ታዪዋለሽ።

---

ልጅቷ ከፓርኩ

እኔም ኮምቦልቻ ነኝ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ። ሀዩ ሰዓቱን እንዳትረሺው ብዬ ነው የጻፍኩት። የእኛ ሱፐርቫይዘር የውጭ ሰው ነው። አንድ ጊዜ አስተርጓሚው «ናሙናው በ9 ይድረስ» የሚል መልእክት ላከልኝ። እኔ ከሰዓት 9 ሰዓት መስሎኝ ተረጋግቼ ስሠራ፣ ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር 9 ነው፤ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት። ስድስት ሰዓት ዘገየሁ።

ቀንም እንዲሁ ነው። ኅዳር መጀመሪያ ላይ «እስከ 20» ተባልን። አንዳንዶቻችን ኅዳር 20 አልን፤ እነሱ ኖቬምበር 20 ነው ያሉት፤ ኅዳር 11 ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን ልዩነት! አሁን ሰዓት ሲነገረኝ «ጠዋት በእኛ 3 ሰዓት አደርሳለሁ» ብዬ ነው የምመልሰው። አባባ እንዳሉት ጥያቄ አልጠይቅም፣ የገባኝን ነው የምጽፈው። ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

---

ነጋዴው ከሸዋ በር

እኔ የምጽፈው ከሌላው ወገን ነው። ደሴ ውስጥ ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን አለኝ። እንዲህ ያለ ግማሽ መልእክት ከሚልኩት አንዱ ነኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስጽፈው ለእኔ ሙሉ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ከሰውየው ጋር በስልክ ስደራደር ቆይቻለሁ። «የሐይቁ ሰውዬ» ስል በዚያ ሰዓት በዓለም ላይ ሌላ የሐይቅ ሰው የለም። «ሂሳቡን» ብዬ ስጀምር ደንበኛ ይገባል፤ ጣቴ መላኪያውን ይነካዋል። ተመልሼ አላየውም። ልጄ፣ የመለስሁትን እንኳ ካየሁ በኋላ ነው «አዎ» ማለቴን የማስታውሰው።

ሠራተኛ ሲጠይቀኝ የሚያናድደኝ መጠየቁ አይደለም። ነገሩን ሁሉ እንደ አዲስ እንድጽፍ ሲያደርገኝ ነው። መጀመሪያውኑ የተቆረጠው ጊዜ ስለሌለኝ ነው እኮ። ሁለተኛው የሚያናድደኝ ዘግይቶ ሲጠይቀኝ ነው። 4 ሰዓት የላክሁትን 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ቢጠይቀኝ ጎበዝ ነው እላለሁ። 9 ሰዓት ላይ ቢጠይቀኝ እስካሁን ምን ሲሠራ ነበር እላለሁ። ጥያቄው ግን ያው አንድ ነው። ሀዩ፣ ሰውየው የጮኹብሽ ስለጠየቅሽ ሳይሆን አምስት ሰዓት ስለቆየሽ ይመስለኛል።

የስቶር ሰው የጻፉት መልእክት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን አልወድም። አንዳንድ ልጆች «እስከ 6 ሰዓት ካልመለሱልኝ እቀጥላለሁ» ብለው ይጽፉልኛል። የሦስት ሳምንት ሠራተኛ ቀጠሮ ሲሰጠኝ ደስ አይለኝም።

---

የስቶር ሰው

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ስልክዎን ሳያዩ ግማሽ ቀን የሚያልፍበት ጊዜ ካለ፣ ልጅቷ ምን ታድርግ? ሾፌሩ ለቆመበት ይጠይቃል። መኪናው ካመለጣት እሷን ይወቅሷታል።

---

ነጋዴው ከሸዋ በር

ይደውሉልኝ። ሁለቴ ይደውሉ። ካላነሳሁ ለገንዘብ ያዤ ይንገሩት። በገንዘቤ ላይ ግን ሰዓት አይቁረጡልኝ።

---

ልጅቷ ከፓርኩ

እኛ ጋር ደግሞ ሰዓት ካልጠቀስን ማንም አይመልስም። የቤቱ ልማድ ይለያያል መሰለኝ።

---

ሀዩ ኮምቦልቻ

ትናንት ሞከርሁት! ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ «ለኩታበሩ ቆርቆሮ 200 ላኪ በ» የሚል መጣ። በምን እንደሆነ አልተጻፈም። ደብተሩን አየሁ፤ የኩታበሩ ደንበኛ ባለፉት አራት ጊዜያት የወሰደው ባለ 32 ጌጅ ነው። ሁለቴ በራሱ መኪና ወስዷል፣ ሁለቴ በእኛ። የእኛ ሾፌር ደግሞ ወደ ሐርቡ ሄዷል። እንዲህ ጻፍሁ፦

«ጋሼ፣ ለኩታበር ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ 200 ቅጠል ለይቼ እያስቀመጥሁ ነው። የእኛ መኪና ሐርቡ ስለሆነ ደንበኛው በራሱ መኪና እንዲመጣ እነግረዋለሁ።»

በአራት ደቂቃ ውስጥ ደወሉ። «አይ አይ፣ ባለ 30 ነው፣ ዘንድሮ ቀይሯል። መኪናው ልክ ነሽ» አሉ። ምንም ቁጣ የለም። ቆርቆሮው ገና አልተነሳም ነበር። ተሳስቼ እንኳ እንደ ድሮው አላሳፈረኝም።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። በዚያው ስልክ ላይ «ግማሹን ከፍሏል፣ ግማሹ በዱቤ ይሁንለት፣ አውጪለት» አሉኝ። በጽሑፍ የለኝም። አወጣሁት። አሁን ማታ ማታ እያሰብሁት ነው። ነገ አላልኩም ቢሉኝስ? እሳቸው እንደዚያ ያለ ሰው አይመስሉኝም። ግን ሊረሱ ይችላሉ።

---

ሞዴል 22

ይኸው! እኔ ያልኩት ይሄንን ነው። ፊርማ ሳትይዢ ዱቤ አታውጪ።

---

የስቶር ሰው

ባለ 30 ከባለ 32 ይወፍራል፤ ዋጋውም ይለያል። ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የያዝሽው። ደብተር ያለፈውን ነው የሚነግርሽ፤ ለዚያ ነው ያነበብሽውን መልሰሽ መጻፍ ያለብሽ።

በዱቤው ላይ፣ ያለ ጽሑፍ ከበር ማስወጣትሽ ልክ አልነበረም። ስልኩ እንደተዘጋ፣ ዕቃው ሳይወጣ፣ እዚያው ቴሌግራም ላይ «ጋሼ፣ አሁን በስልክ እንዳሉኝ የኩታበሩን ግማሹን ተከፍሏል፣ ግማሹን በዱቤ ብዬ እየመዘገብሁ ነው» ብለሽ መላክ ነበር። ይህ እሳቸውን አለማመን አይደለም። ለእሳቸውም ማስታወሻ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ከገንዘብ ያዡ ጋር ሲተሳሰቡ ይፈልጉታል። የትናንቱንም ዛሬ ላኪው፣ አልመሸም። ቀኑንና ሰዓቱን ጥቀሺበት። ደንበኛው የፈረመበት የርክክብ ወረቀት ካለም ፎቶ አንስተሽ አብረሽ ላኪ።

---

ነጋዴው ከሸዋ በር

እኔ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ መጀመሪያ ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። በኋላ ግን ስንት ጊዜ የረሳሁትን ዱቤ ያገኘሁት በዚያ ነው። ላኪላቸው።

---

ሀዩ ኮምቦልቻ

አሁን ላክሁት። የርክክቡንም ፎቶ አያይዣለሁ። ሁለት ምልክት ሆኗል፣ አይተውታል፤ መልስ ግን ገና አልመጣም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የወረኢሉ መኪና ስላለ ደብተሩን ዛሬ ማታ አየዋለሁ። አባባ፣ የወረኢሉ ሰውዬ አንድ ነው፤ እሱን አረጋግጫለሁ።